«ለመለጠፍ ጊዜ የለኝም» ለሚል ባለሱቅ

ትንሽ ሱቅ ያለውን ሰው «ለምን ሶሻል ሚዲያ ላይ አትሠራም?» ብትሉት መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ጊዜ የለኝም»። እውነቱን ነው። ሱቁን የሚከፍተው እሱ፣ ዕቃ የሚያመጣው እሱ፣ ከደንበኛ ጋር ዋጋ የሚከራከረው እሱ፣ ማታ ሂሳብ የሚዘጋውም እሱ ነው። ጊዜው ግን የት እንደሚሄድ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው፣ ሰዓት የሚበላው መለጠፉ አይደለም። አንድ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሰዓት የሚበላው ከተለጠፈ በኋላ የሚጎርፈው ጥያቄ ነው። «ስንት ነው?» «27 ቁጥር አለ?» «የት ናችሁ?» «ዴሊቨሪ አላችሁ?» «የመጨረሻውስ?»

ይህን ጎርፍ የሚጠራው ደግሞ ባለሱቁ ራሱ በእጁ የሚጽፋት አንዲት ሐረግ ናት፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር»።

እስቲ በቁጥር እንየው። የልጆች ጫማ የምትሸጥ አንዲት ሴት እናስብ። ሱቋ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መንገደኛ በአጋጣሚ አይገባበትም፤ አውቆ የሚመጣ ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የቴሌግራም ቻናሏ የሱቋ መስኮት ነው ማለት ይቻላል። ዋጋ ሳትጽፍ አንድ ጫማ ለጠፈች እንበል። በቀኑ ሠላሳ ሰው ጻፈላት። አንዱን ሰው ለመመለስ፣ እሱም መልሶ ሲጠይቅ እንደገና ለመመለስ፣ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅባት በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። በስድስት የሥራ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከሠላሳው ሰው ውስጥ ብዙው ደግሞ ዋጋውን ሰምቶ «እሺ» ብሎ የሚጠፋ ነው።

ስለዚህ የጊዜ እጥረት መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ መለጠፍን መልመድ አይደለም። ጥያቄውን ከመምጣቱ በፊት የሚመልስ ፖስት መሥራት ነው። ከዚያ በኋላ መለጠፉን በሳምንት አንድ ጊዜ ሰብስቦ መጨረስ ይቻላል።

ዋጋ መደበቅ ምን ያተርፋል?

ባለሱቆች ዋጋ የማይጽፉባቸው ምክንያቶች አሏቸው፤ የዋዛ ምክንያቶችም አይደሉም። የመጀመሪያው ተፎካካሪ ነው። «ጎረቤቴ ዋጋዬን አይቶ ሃምሳ ብር ይቀንሳል» ይላሉ። ግን ጎረቤት ማወቅ ከፈለገ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በውስጥ መስመር ጽፎ ይጠይቃል፤ ወይም ዘመዱን ይልካል። የተደበቀው ዋጋ ከጎረቤት አልተደበቀም። የተደበቀው ጥያቄ መጻፍ ከሚያሳፍረው ወይም ከሚሰለቸው ገዢ ነው። እንዲህ ዓይነት ገዢ ብዙ ነው፤ ዋጋ ካላየ «ውድ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ያልፋል።

ሁለተኛው የዋጋ መዋዠቅ ነው። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዛሬ የጻፉት ነገ ላይሠራ ይችላል። ይኼኛው እውነተኛ ችግር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከዋጋው አጠገብ «እጅ ላይ ላለው ዕቃ» ብሎ መጻፍ። አዲስ ዕቃ በአዲስ ዋጋ ሲገባ አዲስ ፖስት ይሆናል። ቴሌግራም ቻናል ላይ ደግሞ የቆየ ፖስትንም ገብቶ ማስተካከል ይቻላል።

ሦስተኛው ክርክር ነው። «ዋጋ ከጻፍኩ ከዚያ ወርደው ነው የሚጀምሩት።» አዎ፣ ይጀምራሉ። ባይጻፍም ይጀምራሉ። ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ «የመጨረሻ ዋጋ» ብሎ ጽፎ በቃል መጽናት፣ ወይ ለክርክር ትንሽ ትርፍ ይዞ መጻፍ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በጽሑፍ የሚደረግ ክርክር ሱቅ ውስጥ ቆሞ እንደሚደረገው አይደለም። ሳቅ የለበትም፣ ጫማው እጅ ላይ የለም፣ ማለቂያም የለውም።

ነገሩን የሚያስገርመው፣ ሱቅ ውስጥ ዋጋ መለጠፍ በሕግም የሚጠበቅ መሆኑ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ይላል። መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ስልክ ላይ ሲሆን ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ፖስቱ ውስጥ ምን ይኑር?

ወደ ጫማ ሻጯ እንመለስ። የእሷ ደንበኛ የሚጠይቃት ነገር በአራት ያልቃል፤ ዋጋ፣ ቁጥር፣ ቦታ፣ ማድረሻ። ስለዚህ ከፎቶው ሥር የምትጽፈው ጽሑፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ ቢኖረው ይበቃል፦

ኮድ 041
የወንድ ልጅ ጫማ፣ ጥቁር፣ ቆዳ
ያሉት ቁጥሮች፦ 26፣ 27፣ 29
ዋጋ፦ 1,850 ብር፣ የመጨረሻ (እጅ ላይ ላለው)
አድራሻ፣ ስልክና ማድረሻ፦ ከላይ ፒን የተደረገውን ይዩ
#ቁጥር26 #ቁጥር27 #ቁጥር29

ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው። ኮዱ ግን ትልቅ ሥራ ይሠራል። ኮድ ከሌለ ደንበኛ «ያቺ ጥቁሯ ባለፈው የለጠፋችኋት» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ የትኛዋ እንደሆነች ለመግባባት አምስት መልእክት ይሄዳል። ኮድ ካለ «041፣ 27» ይላል፤ መልሱም «አለ» ወይም «አልቋል» ነው። ያው ኮድ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ የጫማው ካርቶን ላይ መለጠፍ አለበት። ሠራተኛ ስትኖር ባለቤቷን ሳትጠራ ታገኘዋለች።

ኮዱ ፎቶው ላይም ቢጻፍ ጥሩ ነው። ሰው ፖስቱን ፎርዋርድ ሲያደርግ ጽሑፉና የቻናሉ ስም አብረው ይሄዳሉ፤ ስክሪንሾት አንስቶ ወይም ፎቶውን ብቻ አስቀምጦ ለእህቱ ሲልክ ግን ጽሑፉ ሊቀር ይችላል። ዋጋን ፎቶ ላይ መጻፍ ግን አልመክርም። ዋጋ ሲቀየር ጽሑፉን ማስተካከል ቀላል ነው፤ ስልክ ለስልክ የዞረውን ፎቶ ግን ማንም አይመልሰውም።

መጨረሻ ላይ ያሉት ሃሽታጎች ለጌጥ አይደሉም። እናት ቻናሉ ላይ ገብታ #ቁጥር27 የሚለውን ስትነካ፣ በዚያ ቁጥር የተለጠፉት በሙሉ ይወጡላታል። ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ቁጥር ብቻውን፣ ማለትም #27፣ አይሠራም፤ ፊደል ያስፈልገዋል። መሐል ላይ ክፍት ቦታ ካለ ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል። ሦስተኛው የእኛ የብቻችን ጣጣ ነው፤ ስልኩ «ጸ» እና «ፀ»ን፣ «ሀ» እና «ሐ»ን የተለያዩ ፊደሎች አድርጎ ነው የሚያያቸው። አንድ ቀን #ሕፃናት፣ ሌላ ቀን #ህጻናት ብለው ከጻፉ ሁለት የተለያዩ መደርደሪያዎች ሠርተዋል ማለት ነው። አንዱን መርጦ በእሱ መጽናት ነው።

ፒን የሚደረገው መልእክት ደግሞ አንድ ጊዜ ተጽፎ ወራት የሚያገለግል ነው። አድራሻው «ቦሌ» ብቻ ከሆነ ምንም አላለም። ሕንፃው፣ ፎቁ፣ የሱቅ ቁጥሩ፣ «ከደረጃው እንደወጡ በስተግራ ሦስተኛው በር» የሚል ነገር፣ ከዚያ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ ማድረሻ ለየትኛው ሰፈር ስንት እንደሆነና የሞተሩን ማን እንደሚከፍል። አንድ ተጨማሪ መስመርም ይጨመርበት፤ «ለጽሑፍ መልስ የምንሰጠው ጠዋት 3፣ ከሰዓት 8 እና ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው። ለቸኮለ፣ ይደውሉ።» ይህች መስመር ባለሱቋን ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከማፍጠጥ ታወጣታለች። ደንበኛም መቼ እንደሚመለስለት ካወቀ አይቀየምም።

የጫማ ነገር ከሆነ ፒኑ ውስጥ ሌላም መግባት ያለበት አለ። እናት የልጇን ዕድሜ እንጂ የጫማ ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አታውቅም። «ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆን» ብላ ትጽፋለች፤ የአራት ዓመት ልጆች እግር ደግሞ አንድ አይደለም። ስለዚህ አለካኩን አስተምሯት። ልጁን ነጭ ወረቀት ላይ አቁማ፣ ተረከዙና ረጅሙ ጣቱ የሚያርፍበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋ በሴንቲሜትር ትለካ። በዚያ ላይ ለመንቀሳቀሻ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ይጨመርና በ1.5 ይባዛል፤ የሚወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር የጫማው ቁጥር ነው። እግሩ 16 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ 17.5 በ1.5 ሲባዛ 26 አካባቢ ይመጣል። 18 ሴንቲሜትር የሆነ 29፣ 20 የሆነ 32 ነው። ፋብሪካዎች ስለሚለያዩ ልክ እንደ ሕግ አይያዝም፤ አጠራጣሪ ሲሆን የጫማውን ውስጥ በሜትር ለክቶ መናገር ይሻላል። ግን «አልሆነውም» ተብሎ የሚመለሰውን ጫማ፣ ሁለት ጊዜ የሚከፈለውንም የሞተር ሂሳብ ይቀንሳል።

ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት

አሁን መለጠፉ። ሱቅ ሰኞ ጠዋት ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ የእናንተ ሌላ ቀን ከሆነ እሱን ያዙ። ባለሱቋ ለሳምንቱ አሥራ ሁለት ጫማ ትመርጣለች። በቀን ሁለት፣ ለስድስት ቀን። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ፎቶው የሚነሳው በሩ አጠገብ፣ የቀን ብርሃን በጎን በኩል በሚገባበት ቦታ ነው። የሱቅ መብራት ከላይ ስለሚመጣ ጥላ ይጥላል፤ አንዳንዱም ነጩን ቢጫ ያስመስለዋል። «ፎቶው ላይ ክሬም ነበር፣ ሲመጣ ነጭ ሆነ» የሚለው ጠብ ከዚህ ነው የሚነሳው። ሥሩ ነጭ ወፍራም ወረቀት ይነጠፍና ጀርባው ከግድግዳ ጋር ዘንበል ይላል። ለአንድ ጫማ ሦስት ፎቶ ይበቃል፤ ከጎን፣ ከሥር ሶሉና ቁጥሩ እንዲታይ፣ እና አንዱን በእጅ ይዞ። የእጁ ፎቶ የጫማውን መጠንና ልስላሴ ያሳያል። ከኢንተርኔት የወረደ የሚያብረቀርቅ ፎቶ አትጠቀሙ። ደንበኛ ያንን ፎቶ ሌላ አሥር ቻናል ላይ አይቶታል፤ ዕቃው በእርግጥ እናንተ ጋ ስለመኖሩም ይጠራጠራል።

ፎቶዎቹ ካለቁ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀጠሮ መያዝ ይመጣል። ቻናሉን ከፍቶ ሦስቱን ፎቶ አንድ ላይ መምረጥ፣ ጽሑፉን ካለፈው ሳምንት ገልብጦ ኮድ፣ ቁጥርና ዋጋውን መቀየር። ከዚያ የመላኪያዋን ቀስት ነክቶ አለመልቀቅ። ጫን ብሎ ሲቆይ Schedule Message የሚል ይወጣል። ቀንና ሰዓት መርጦ ማረጋገጥ ነው። ለአንድ ቻናል እስከ 100 መልእክት በቀጠሮ ማስቀመጥ ስለሚቻል አሥራ ሁለቱ ብዙ አይደለም። በቀጠሮ የተቀመጠው ነገር የሚወጣው ከቴሌግራም ሰርቨር ነው። በዚያ ሰዓት ስልኩ ቢጠፋ፣ መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ባይኖር ፖስቱ ይወጣል። ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የሰዓት ጉዳይ አለ። ስልኩ ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። የእኛ ማታ ሁለት ሰዓት በስልኩ 20:00 ወይም 8:00 PM ነው። የእኛ ምሳ ሰዓት ሰባት 13:00 ነው። «2:00» ብሎ ዝም ብሎ ያስቀመጠ ሰው ፖስቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይወጣለታል፤ ቻናሉን የሚከተሉ እናቶችም በእንቅልፋቸው ስልካቸው ይጮሃል። እንዲህ ሲሆን ሰው ብዙ አይታገስም፤ ድምፁን ይዘጋዋል ወይም ይወጣል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የልጆች ዕቃ ከሆነ እኔ ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ እና የምሳ ሰዓትን እመርጣለሁ። እናት ልጆቿን አስተኝታ ስልኳን የምታነሳው፣ ሠራተኛም ምሳ በልቶ የሚያርፈው ያኔ ነው። የእናንተ ደንበኛ የጋራዥ ሠራተኛ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ሳምንት በሌላ ሰዓት አውጥቶ ማወዳደር ይቻላል።

አሥራ ሁለት ጫማ፣ ሠላሳ ስድስት ፎቶ፣ አሥራ ሁለት አጭር ጽሑፍ። መጀመሪያ አካባቢ ከአንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ ቅርጹ ሲለመድ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል። በዚያው ጠዋት አንድ አጭር ቪዲዮም መቅረጽ ይቻላል። የእግር አለካኩን ወይም የሶሉን መታጠፍ የሚያሳይ አሥራ አምስት ሰከንድ ቲክቶክ ላይ ይውጣ። ቲክቶክ የማያውቋችሁን ሰዎች ያመጣል፤ የመጡት የሚገዙት ግን ቻናሉ ላይ ነው። ስለዚህ የቻናሉ ስም ቪዲዮው ላይ በጽሑፍ ይታይ። ከዚህ በላይ ቲክቶክ ላይ ጊዜ ማጥፋት ለአንድ ሰው ሱቅ ብዙም አይታየኝም።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

የቀጠሮ ትልቁ አደጋ ይህ ነው፤ ጫማው ማክሰኞ ተሸጠ፣ ፖስቱ ሐሙስ ወጣ። «አለ ብላችሁ ለጥፋችሁ የለም ትላላችሁ» የሚል ቅሬታ ከመጣ በኋላ ደንበኛ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ሁለት ነገር ይደረግ። በቀኑ የተሸጡት ኮዶች ወረቀት ላይ ተጽፈው ይቆያሉ። የተለጠፉት ላይ ገብቶ ያለቀውን ቁጥር መሰረዝ፣ ሁሉም ካለቀ «ተሽጧል» ብሎ መጻፍ። ያልወጡት ካሉ ደግሞ ቻናሉ ላይ ከመጻፊያው ሳጥን አጠገብ የምትታየውን የቀጠሮ ምልክት ነክቶ ከዝርዝሩ ማውጣት። «ተሽጧል» የተባለውን ፖስት አታጥፉት። አዲስ የመጣ ሰው ሱቁ በእርግጥ እንደሚሸጥ የሚያየው በእሱ ነው።

ሁለተኛው ማብዛት ነው። በቀን አሥራ አምስት ጊዜ የሚጮህ ቻናልን ሰው አይለቀውም፤ ድምፁን ይዘጋዋል። አባላቱ እንዳሉ ናቸው፣ የሚያይ ግን የለም። ይህን የምታውቁት በእያንዳንዱ ፖስት ሥር ባለችው የዓይን ምልክት ነው። 800 አባል ያለው ቻናል ላይ አንድ ፖስት በማግስቱ 250 ሰው አይቶት ከሆነ ያንን ጻፉት። ከወር በኋላ አባላቱ 900 ሆነው ዓይኑ 150 ላይ ከወረደ፣ ሰው እየሸሸ ነው። ቀንሱ፤ ወይም ከሁለቱ የዕለት ፖስቶች አንዱን ያለ ድምፅ ላኩት። ቻናል ላይ ከመጻፊያው አጠገብ ያለችው የደወል ምልክት ለዚህ ናት።

በገንዘብ የሚገዛ አባል ነገርም ከዚሁ ጋር ይያዛል። «አንድ ሺህ አባል በዚህ ብር» የሚሉ አሉ። የሚመጣው ጫማ የሚገዛ እናት አይደለም፤ ባዶ አካውንት ነው። አባሉ ከፍ ብሎ ዓይኑ እንዳለ ሲቀር፣ አስተዋይ ደንበኛ ራሱ ይጠረጥራል። እውነተኛ አባል የሚመጣው ከሱቁ ነው። የገዛ ሁሉ ሲከፍል የሚያየው የቻናሉ QR ወረቀት ሂሳብ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ፤ ቴሌግራም ለእያንዳንዱ ሕዝባዊ ቻናል ራሱ ይሠራዋል። ዕቃው በሚገባበት ካርቶን ክዳን ውስጥም አንድ ይለጠፍ። የልጅ እግር ያድጋል፤ ያቺ እናት ከወራት በኋላ መመለሷ አይቀርም።

ሦስተኛው የክፍያ ማስረጃ ነው። በርቀት ሲሸጥ ደንበኛው የቴሌብር ወይም የባንክ ስክሪንሾት ይልካል። ስክሪንሾት በቀላሉ ይሠራል፤ ቁጥርና ስም መቀየር የሚችል ብዙ ነው። ሞተረኛው ከመነሳቱ በፊት የራሳችሁ ስልክ ላይ ገንዘቡ መግባቱን እዩ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከሌላ ቁጥር የመጣ «ገብቷል» የሚል ጽሑፍ ዋጋ የለውም። መልእክት ከዘገየ የሂሳቡን ዝርዝር ከፍቶ ማየት ነው።

ቻናሉ የማን ነው?

ይህ የሚታሰበው ከረፈደ በኋላ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ብዙ ሱቅ ላይ ቻናሉን የከፈተው ጎበዟ ሻጭ ወይም የጎረቤት ልጅ ነው፣ በራሱ ስልክ። ቴሌግራም ላይ የቻናል ባለቤት የከፈተው አካውንት ነው። ልጁ ሥራ ሲለቅ፣ ወይም ሲጣሉ፣ ወይም ሲም ካርዱ ሲጠፋ፣ አባላቱ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። ባለሱቁ የንግድ ፈቃዱን ቢያሳይ ቴሌግራም አያውቀውም።

ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል፤ ግን በአንድ ቀን አይሆንም። መጀመሪያ የአሁኑ ባለቤት ስልክ ላይ Two-Step Verification መከፈት አለበት፤ ከስልኩ ቁጥር በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ማለት ነው። እሱ ከተከፈተ ሰባት ቀን ካላለፈው ቴሌግራም ማዛወሩን አይፈቅድም። ከዚያ ባለሱቁን አድሚን አድርጎ፣ መብቱን ሁሉ ከፍቶለት፣ Transfer Channel Ownership የሚለውን መንካት ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ሊለቅ ሲል ሳይሆን ዛሬ፣ በሰላሙ ጊዜ ይደረግ። ከዚያ ሠራተኛውን አድሚን አድርጋችሁ የመለጠፍና የማስተካከል መብት ብቻ ትሰጡታላችሁ። ሌላ አድሚን የመጨመር መብት አያስፈልገውም።

የቴሌግራምን የመግቢያ ኮድ «ተሸላሚ ሆነዋል» ወይም «ቻናልዎ ሊዘጋ ነው» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው አለመስጠትም እዚሁ ላይ ይጨመር። የይለፍ ቃሉ ካለ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ሌባው በሩ ላይ ይቆማል።

ካርታና የሚከፈልበት ማስታወቂያ

ቻናሉ መልክ ከያዘ በኋላ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አለ፤ ጉግል ማፕ ላይ ሱቁን ማስመዝገብ። በነፃ ነው። ጉግል ሱቁ የእናንተ መሆኑን እንድታረጋግጡ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ የመንገዱን፣ የታፔላውንና የሱቁን ውስጥ በቪዲዮ ማሳየትን ይፈልጋል። ሕንፃ ውስጥ ላለ ሱቅ ምልክቱ በትክክል ሕንፃው ላይ ማረፉን በእግር ሄዶ ማየት ይገባል፤ መንገዱ ማዶ ካረፈ ሰው ማዶ ቆሞ ይደውላል። እዚህም ሰዓቱ ይምጣ። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ የሚከፍት ሰው 8:30 AM ብሎ ነው የሚሞላው። 2:30 AM ብሎ የሞላ ሱቅ ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ጀምሮ «ክፍት ነው» እየተባለ ይታያል። ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ወገን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሱቅ የሚፈልገው በካርታው ነው፤ ለበዓል ሰሞን ጠቃሚ ደንበኛ ነው።

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ለትንሽ ሱቅ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዱ ምክንያት ክፍያው ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ስለሚፈልግ ብዙው ባለሱቅ በብር ተቀብለው በራሳቸው ካርድ በሚከፍሉ ሰዎች በኩል ነው የሚያሠራው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዋጋ የሌለው ፖስት ማስታወቂያ ሲደረግ የሚገዛው ጥያቄ ነው። ሠላሳ የነበረው መልእክት ሦስት መቶ ይሆናል፤ የሚመልሰው ሰው ያው አንድ ነው።

ለማሠራት ከወሰናችሁ፣ የሚመረጠው ቀድሞ ቻናሉ ላይ ሰው የወደደው ፖስት ይሁን፤ ዋጋው የተጻፈበት፣ በብዙ ቁጥር እጅ ላይ ያለ ዕቃ። አንድ ጥንድ ብቻ የቀረውን ጫማ ማስተዋወቅ ብር ማቃጠል ነው። አካባቢው አዲስ አበባ ብቻ ተደርጎ ይጠበብ። ጊዜው ከመስከረም ትምህርት መክፈቻ ወይም ከበዓል ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ሰው ለመምጣትም ጊዜ ያገኛል። አሠሪው የፌስቡካችሁን የይለፍ ቃል ከጠየቀ አትስጡ፤ ገጹ ላይ የማስታወቂያ መብት ብቻ መስጠት ይቻላል። ሲጨርስም የተከፈለውን ብርና ያየውን ሰው ብዛት የሚያሳየውን ገጽ ከስልኩ ላይ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ስክሪንሾት ብቻ ቢልክ አትቀበሉ።

ሂሳብ መቀበያው አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጡ። ለገዛ ሰው ሁሉ «ከየት ሰሙን?» ብሎ ጠይቆ ከአራቱ በአንዱ ሥር ጭረት ማድረግ ነው፤ ቻናል፣ ካርታ፣ ማስታወቂያ፣ ሰው ነግሮኝ። ማስታወቂያው የፈጀው ብር በሱ ሥር ላሉት ጭረቶች ሲካፈል አንድ ደንበኛ ስንት እንዳስወጣ ይታያል። 3,000 ብር ከፍላችሁ ስድስት ጭረት ካገኛችሁ፣ አንዱ ገዢ 500 ብር አስወጥቷል። ከአንድ ጫማ የምታተርፉት 400 ከሆነ፣ ያንን ማስታወቂያ ለሁለተኛ ጊዜ ማሠራት የለባችሁም።